ኩምቢ የሌለው ነቀዝ

ወርቂቱ ያን ማክሰኞ ጠዋት ወንፊቱን አንዴ ሁለቴ ነቅነቅ ስታደርገው፣ ዱቄቱ ወረደና ወንፊቱ ላይ የቀረው ነገር መሄድ ጀመረ። እሷ መጀመሪያ ገለባ መስሏት ነበር። ገለባ ግን አይሄድም። ይሄ ቀይ ቡኒ፣ ጠፍጣፋ፣ ከሰሊጥ ብዙም የማይበልጥ ነገር እግር አውጥቶ ወዲያና ወዲህ ይሯሯጣል። አንዱ እጇ ላይ ወጣና እስከ አንጓዋ ድረስ ሮጠባት። ደግሞ ሽታው። ዱቄቱ ዱቄት ዱቄት አይሸትም፤ የሆነ የሚኮመጥጥ፣ አፍንጫ የሚይዝ ሽታ አለው፣ መልኩም ወደ አመድማ ሄዷል።

ወርቂቱ እዚያው ቁጢጥ እንዳለች ቀረች። ከየት እንደመጣ ገና ማንም ሳይጠይቅ ታውቀው ነበራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መካነ ሰላም፣ ለረሃብ ተፈናቃዮች ከተሠራው መጠለያ አጠገብ፣ ለሕፃናቱ አጥሚት የሚሠራበት ማድ ቤት ነበር። ክፉው ቀን ትንሽ ፋታ ቢሰጥም ልጆቹ ገና አልጠገቡም፣ መቶ ሃያ ልጅ በቀን ሁለቴ ይመገባል። ወርቂቱ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ከዚያ በላይ የሚያስተምር ደግሞ በቅርብ ስለሌለ፣ እዚያ ዱቄት ነፊ ሆና ገባች። ዱቄቱ የሚገለበጠው ከምድጃው ጀርባ ግድግዳውን ተደግፎ በተቀመጠ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው፣ እርጥበት እንዳይነካው ተብሎ። ሥራዋ ቀላል ነበር። አዲስ ጆንያ ከመገልበጧ በፊት የሳጥኑን ጥግ ጥጉን ፍቃ፣ ጠርጋ፣ በፈላ ውሃ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ ታደርቀዋለች። ይኸው ነው።

መጋቢት መግቢያ ላይ ግን መሬት ለአራሹ ታወጀ ተብሎ ከተማው ሰልፍ ወጣ። ለዕድገት በኅብረት የዘመቱት ተማሪዎች ዘፈን ያወጣሉ፣ ሰው ቄጠማ ይዞ ይጨፍራል፣ ጓደኞቿ ከበር ላይ ሆነው ነይ እንጂ ይሏታል። ማን ሳጥን ሲፍቅ ይውላል? ወርቂቱ አዲሱን ዱቄት ከአሮጌው ላይ ገለበጠችና ሮጠች። ምንም አልሆነም። ምንም ስላልሆነ በሚቀጥለውም ጊዜ አላጠበችም፣ ከዚያ ወዲያም አላጠበችም። ሰው ስንፍናው ካልተነቃበት ብልህነት ይመስለዋል መሰለኝ።

እና አሁን አርባ ቀን አለፈና ይኸው።

«ምነው ወንፊቱን ይዘሽ ደርቀሽ ቀረሽ?» አለች አልታየች። አልታየች ዋናዋ አብሳይ ናት፣ አንድ ነገር ሳትቀልድ ማማሰያ አታነሳም። ጎንበስ ብላ አየችና ሳቋ ቆመ። «እንዴ። ይሄማ እየተጓዘ ነው።»

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ስማቸው መጡ፣ መጋዘኑ በሳቸው እጅ ነው። መልካም ሰው ናቸው፣ ብቻ ችኩል ናቸው። ዱቄቱን በጣታቸው ነካ አደረጉና እጃቸውን ካፖርታቸው ላይ ጠረጉ።

«ነቀዝ» አሉ። «ከየት መጣ ይሄ? አንቺ፣ ሳጥኑን እያጠብሽ አይደለም የምትገለብጪ?»

«እያጠብሁ ነው» አለች ወርቂቱ። ቃሉ አፏ ውስጥ የተዘጋጀ ይመስል ወጣ።

«ታዲያ ከሰማይ ወረደ?»

እሷም ዞር ስትል ዓይኗ ጥግ ላይ ያለች ስልቻ ላይ አረፈ። እንግዲህ ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው። አስባ አላደረገችውም፣ ማንንም ልትጎዳ አልፈለገችም፣ ብቻ ዓይኗ አረፈ፣ አፏም ተከተለው።

«ከዚያ ማሽላ ይሆናል የተሻገረው» አለች። «የቆየ እህል ነው።»

ስልቻዋ የእትዬ ዘይነባ ናት። እትዬ ዘይነባ ከከላላ በታች፣ ከቆላው፣ በክፉው ቀን ወደ ላይ የወጡ እናት ናቸው። መጠለያው ውስጥ ሲያገግሙ ማድ ቤቱን ማገዝ ጀመሩ። ስልቻዋ ውስጥ ያለው አራት ቁና የማሽላ ዘር ነው። ባላቸው መንገድ ላይ ሲሞቱባቸው እንኳ አልፈቷትም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ተርበው ዘሩን አልነኩትም። አሁን መሬቱ የናንተ ነው ተብሏል፣ የሚያዝያ ዝናብ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል፣ በሳምንት ውስጥ ወርደው ሊዘሩ ቀን ቆርጠዋል። ስልቻዋን ማድ ቤት ያስቀመጧት መጠለያው ስለሚያፈስ ነው። ሌላ ምክንያት የላትም።

እትዬ ዘይነባ ከውጭ እንጨት ተሸክመው ሲገቡ ነገሩን ሰሙ። እንጨቱን ቀስ አድርገው አወረዱ፣ መጥተው አንዱን ነፍሳት መዳፋቸው ላይ አደረጉ።

«ይሄ የኔ እህል አይደለም» አሉ። «የማሽላ ነቀዝ ኩምቢ አለው፣ ፊት ለፊት፣ እንደ ዝሆን። ሲነኩት ደግሞ እግሩን ሰብስቦ ሞቻለሁ ይላል። ይሄን እዩት፣ ሲነኩት ይሮጣል። ወላሂ እኔ ይሄን ሰፈራችን አይቸው አላውቅም።»

«እትዬ ዘይነባ፣ ነቀዝ ነቀዝ ነው» አሉ ጋሼ ስማቸው። «አፍንጫውን ማን ይለካዋል?»

«ዘሩን በአመድ ለውሸዋለሁ። ይፈቱትና ይዩት።»

«አያለሁ ስል ሌላው ጆንያ ይበላል። ዱቄቱ ተነፍቶ፣ ፀሐይ ላይ ወጥቶ፣ ለልጅ የሚሆነው እስኪለይ ድረስ ዛሬ ለምሳ የሚቀመስ የለም። መቶ ሃያ ልጅ ነው ያለኝ። ማሽላው ንፍሮ ይሁን፤ ዛሬ ግማሹ፣ ነገ ግማሹ። ነቀዝ ከሚበላው ልጆች ቢበሉት አይሻልም? ዘር እንደሁ መንግሥት ይሰጣል እየተባለ ነው።»

እትዬ ዘይነባ ጋሼ ስማቸውን አላዩም። ወርቂቱን ነበር የሚያዩት። አንድ ቃል ትናገርልኛለች ብለው ነው መሰል፤ ፊደል የቆጠረች እሷ ናት፣ ሳጥኑንም የምታውቀው እሷ ናት። ወርቂቱ ወንፊቱን ትነፋለች፣ ትነፋለች፣ ባዶውን ወንፊት ትነፋለች።

«ለልጆች ከሆነ እምቢ አልልም» አሉ በመጨረሻ። «እምቢ ብልስ የት እቆማለሁ።»

ማሽላውን ያጠበችው ወርቂቱ ራሷ ናት። ሁለት ቁና ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገልብጣ ውሃ ስታፈስበት አመዱ ተነሳና ውሃው ግራጫ ሆነ። ደግማ አፈሰሰችበት። ነቀዝ የበላው እህል ውስጡ ባዶ ስለሆነ ይንሳፈፋል፣ ይሄን ከልጅነቷ ታውቃለች። የተንሳፈፈው አንድ ሦስት ገለባ ነው። እህሉ ሁሉ ድንጋይ ይመስል ታች ተቀመጠ። አንዷን ፍሬ አንስታ በጥፍሯ አገላበጠቻት። ቀዳዳ የለባትም። ሌላዋም የለባትም። ድስቱ ውስጥ ከተተችው።

ልጆቹ ንፍሮውን እየተሳሳቁ በሉት። አንዱማ «ነገም አለ?» ብሎ ጠየቃት።

ከሰዓት በኋላ አሻግሬ ከከላላ በበቅሎ ገባ። አሻግሬ ዘማች ነው፣ የእርሻ ኮሌጅ ተማሪ፣ ፀጉሩ እንደ ጎፈሬ የቆመ፣ መነጽሩ በክር የተቋጠረ። ስለ ነቀዙ ሲነግሩት በጣም ደስ አለው፤ እንግዳ ሰው እኮ ነው፣ ነቀዝ አገኘሁ ብሎ የሚደሰት። ከሻንጣው አንድ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣና ግድግዳው ላይ በአራት ምስማር ወጠረው።

ወረቀቱ ላይ ሦስት ፎቶ አለ፣ ጥቁርና ነጭ፣ እያንዳንዱ የእጅ መዳፍ የሚያህል። አንደኛው ረጅም ኩምቢ ያለው፣ ክንፉ ላይ አራት ፈዘዝ ያለ ነጠብጣብ ያለበት። ሁለተኛው ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ኩምቢ የሌለው፣ ጀርባው ላይ እንደ እርሻ ፈር የተሰመረበት። ሦስተኛው ትንሽ የእሳት ራት።

አልታየች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው። «ይሄን የሚያህል ከሆነማ» አለች፣ «ዱቄቱን ትቶ እኛን ነው የሚበላን።»

«ሃያ እጥፍ ጎልቶ ነው እንጂ» አለ አሻግሬ እየሳቀ። «መጠኑን ተዪው፣ ቀለሙንም ተዪው፣ ፎቶው ቀለም የለውም። ቅርጹን ነው የምታዩት። ኩምቢ አለው ወይ? ቀንዱ ጫፉ ላይ ምን ይመስላል?» ከኪሱ ትንሽ ማጉያ መነጽር አውጥቶ ለወርቂቱ ሰጣት። «አንቺ ስምንተኛ ጨርሰሻል አይደል፤ ሁለት ሦስቱን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጊና አስተያዪ። እኔ በቅሎዋን አጠጥቼ መጣሁ።»

ወርቂቱ ሁለት የሞቱ ነፍሳት ወረቀት ላይ አስቀመጠች። መነጽሩን ስታስጠጋ መጀመሪያ ብዥታ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ከፍ ዝቅ ስታደርገው ድንገት ጥርት አለ። ኩምቢ የለውም። ራሱ ፊት ለፊት ድፍን ነው። ቀንዱ ቀጭን ሄዶ ሄዶ ጫፉ ላይ ያሉት ሦስት እንክብሎች ወፈር ይላሉ፣ ልክ እንደ ዱላ። ጀርባው ላይ መስመር መስመር አለበት። ፎቶውን አየች፣ ወረቀቱን አየች። ሁለተኛው ነው። ወንድሙም እንኳ እንዲህ አይመስለውም።

እትዬ ዘይነባ አጠገቧ መጥተው ቆመዋል። ማንበብ አይችሉም፣ አልታየችም አትችልም።

«እስቲ የኔ ልጅ፣ ከሥሩ የተጻፈውን ንገሪኝ» አሉ።

ወርቂቱ አነበበች። «የዱቄት ጥንዚዛ። ዱቄትና የተሰባበረ እህል ውስጥ ይራባል። ጤነኛ ሙሉ እህል መብሳት አይችልም።»

«እኔስ ምን አልሁ?» አሉ እትዬ ዘይነባ፣ በለሆሳስ።

ከዚያ በታች አንድ መስመር ቀርቷል። ፊደሉ ትንሽ ቢሆንም ጥርት ብሎ ይነበባል፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አሮጌ ዱቄት ካልተፈቀፈቀበት ዕቃ ነው።

«ያቺ ታች ያለችዋስ ምን ትላለች?» አለች አልታየች በማማሰያዋ እያሳየች።

«የማተሚያ ቤቱ ስም ነው» አለች ወርቂቱ።

እትዬ ዘይነባ ወደ ወርቂቱ ዞር አሉ። «እንግዲህ ለጋሼ ስማቸው ትነግሪልኛለሽ» አሉ። «ከኔ አፍ አይሰሙም። ከወረቀቱ ግን ይሰማሉ። አንቺ ካነበብሽላቸው ይሰማሉ።»

«እሺ፣ እነግራለሁ።»

ትነግራለች። ግን እስቲ አስቡት፣ ምን ብላ? ከማሽላው አይደለም ካለች፣ ታዲያ ከየት ነው ይሏታል። ጋሼ ስማቸው ደግሞ ራሳቸው ያነባሉ፣ ያቺን መስመር የማተሚያ ቤት ስም አትላቸውም። አሻግሬ ሲመለስ «እንዴት ነው፣ ለየሽው?» አላት፤ «ገና ነኝ» አለች። ጋሼ ስማቸው ደግሞ ማታ ሳይመለሱ ቀሩ፣ እሷም እሰይ አለች። እሰይ ማለቷን እንኳ ስታስበው ታፍራለች።

ረቡዕ ጠዋት ማድ ቤት ስትገባ ድስቱ ተጥዷል። ጋሼ ስማቸው ቆመዋል፣ አልታየች እሳቱን ትቆሰቁሳለች። እትዬ ዘይነባ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሸማቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው።

«በይ፣ የቀረውን አምጪና እጠቢ» አሏት ጋሼ ስማቸው።

ወርቂቱ ስልቻዋን አነሳች። ከትናንት በግማሽ ቀልላለች። ወደ ሳህኑ ስትወስዳት በደጃፉ ነው የምታልፍ፣ እትዬ ዘይነባ ቀና ብለው አዩዋት። ተቆጥተው አልነበረም። እንደ ትናንቱ እየጠበቁ ነበር፤ ነግራልኝ ይሆናል፣ አሁን ወይም ትንሽ ቆይቶ ይጠሩኛል ብለው።

ስልቻዋን መሬት አስቀመጠች።

«ጋሼ» አለች። «ከዚህ አይደለም የመጣው።»

«ምኑ?»

«ነቀዙ። ነቀዝም አይደል። ይሄ ሙሉ እህል አይበሳም። ከሳጥኑ ነው። ሳጥኑን አላጠብሁትም ነበር፤ ከሰልፉ ቀን ጀምሮ አላጠብሁትም።»

አልታየች እሳቱን መቆስቆስ ተወች።

ጋሼ ስማቸው ወደ ሳጥኑ ሄዱ። የቀረውን ዱቄት ወደ አንድ ጎን ገፉና እጃቸውን ጥጉ ድረስ ከተቱ። ቢላዋ ጠየቁ። ሲፍቁት የደረቀ፣ እንደ ቅርፊት የተጋገረ አሮጌ ዱቄት ተነሳ፣ ከሥሩ ብጫማ ቀጫጭን ትሎች ተርመሰመሱ። ግድግዳው በምድጃው ሙቀት ለብ ይላል፤ በዚህ ደጋ ብርድ እንዲህ መራባቱ በሱ ነው። አሻግሬ መጥቶ አንዱን ትል መነጽር ሥር አደረገና «ጭራው ላይ ሁለት ሹል ነገር አለው፣ እዩት» አለ። የሚያይለት አልነበረም።

ጋሼ ስማቸው ወደ ፎቶው ሄደው ከሥሩ ያለውን አነበቡ። ያችን የመጨረሻዋን መስመር ጣታቸውን አስከትለው አነበቧት። ከዚያ ወርቂቱን አይተዋት አልጮሁባትም፣ ቢጮሁባት ይሻላት ነበር።

«ትናንት አንብበሻት ነበር?»

«አዎ።»

«የማተሚያ ቤቱ ስም ነው አለችን እኮ» አለች አልታየች፣ ለማንም ሳይሆን ለድስቱ።

ጋሼ ስማቸው ደጃፉ ላይ ወጥተው ከእትዬ ዘይነባ ፊት ቆሙ። «እኔም ሳላይ ፈረድሁ» አሉ። «የማሽላ ዘር መጋዘኑ ውስጥ የለኝም፣ ሰሞኑን የሚገባልኝም ስንዴና ዱቄት ነው። ስንዴ ብሰጥዎት…»

«ቆላ ስንዴ ምን ያደርግልኛል» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ለስንቅ ይሁነኝ፣ አላህ ይስጥልኝ።»

ያን ቀን ሙሉ ወርቂቱ ሳጥኑን ፈቀች። ጥጉን በቢላዋ፣ ስንጥቁን በእሾህ፣ ከዚያ የፈላ ውሃ፣ ከዚያ እንደገና የፈላ ውሃ። እጇ ቀልቶ አበጠ። ከሥራ አላባረሯትም፣ አልታየች እንኳ «እረፊ፣ እንጨቱን ልትጨርሺው ነው» ብላ ቀለደችባት። ቀልዱ ግን እንደ ድሮው አልነበረም፣ ዓይኗን ሳታይ ነው የቀለደችው።

ቅዳሜ እትዬ ዘይነባ ወደ አገራቸው ወረዱ። ወርቂቱ ስንቁን ተሸክማ እስከ ቁልቁለቱ አፍ ሸኘቻቸው። ስልቻዋን ልያዝልዎት ስትል እሳቸው በትከሻቸው አጠበቋት።

በመጨረሻ ቁልቁለቱ ሲጀምር «እትዬ ዘይነባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች።

እትዬ ዘይነባ ስንቁን ተቀበሏት። ቆላው ከታች በጭጋግ ውስጥ ይታያል።

«ልጆቹ ለበሉት አልቆጭም» አሉ። «ሆድ ውስጥ ገባ፣ የትም አልወደቀ። ስንፍናም የሰው ነው፣ እኔም ልጅ ሳለሁ ስንት ነገር አቃጥያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የማይወጣልኝ። ወረቀቱን ካነበብሽ በኋላ እሺ፣ እነግራለሁ ስትይኝ አምኜሽ ሄጄ ተኛሁ።»

ወርቂቱ መሬት መሬቱን አየች።

«ትናንት ሌሊት ደግሞ ባለኝ ምን ያህሉን መሬት እሸፍናለሁ ብዬ ሳሰላ ነው ያደርሁት» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ግማሹን። ግማሹ ጦሙን ያድራል ዘንድሮ። ጎረቤት ከሰጠኝ እሰየው፣ ካልሰጠኝም የከርሞ ሰው ይበለን።»

«ይቅር አይሉኝም?»

«እሱን አሁን አትጠይቂኝ። ማሽላው ሲያሸት ሰው እልክብሻለሁ፣ ያኔ እንዴት እንደሆንሁ ይነግርሻል።» ስልቻዋን አስተካከሉ። «ሂጂ፣ ልጆቹ ይጠብቁሻል።»

ወረዱ። ወርቂቱ ቆማ አየቻቸው፣ መታጠፊያው እስኪሸፍናቸው። ስልቻዋ ጀርባቸው ላይ ግማሿ ሙሉ ግማሿ ባዶ ሆና፣ ባዶው በኩል ታጥፋ፣ በተራመዱ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ትል ነበር።